9 በመቶ ወለድ ተብሎ 82 ብር፦ «ልዩ ቁጠባ» ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«ልዩ ቁጠባ፣ 9 በመቶ ወለድ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ገንዘባችሁን ልታዛውሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ትንሽ ቆዩ። እህቴ እንዲህ ያለ ሂሳብ ከፍታ ነበር። ወለዱ ሲገባላት የመጣው ከጠበቀችው አንድ ስምንተኛ አይሞላም። ባንኩን አልጠራም፤ ተመሳሳይ ደንብ ሌላም ቦታ ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል ዋናው ደንቡን ማወቅ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፈረንጆቹ ኖቬምበር በሚሉት ወር መጀመሪያ ላይ 60,000 ብር ነበራት። ኅዳር 2 ቀን ለሱቋ ኪራይና ለዕቃ 45,000 ብር አወጣች፤ 15,000 ቀረ። ኅዳር 7 ቀን እቁብ ወጣላትና 75,000 ብር አስገባች። ሂሳቧ 90,000 ሆነ፣ እስከ ወሩ መጨረሻም ሳይነካ ቆየ።

እሷ ያሰላችው ብዙዎቻችን በምናሰላበት መንገድ ነው። የ90,000 ብር 9 በመቶ በዓመት 8,100 ነው፤ ለ12 ሲካፈል 675 ብር። የገባላት ግን 81 ብር ከ98 ሳንቲም ብቻ ነው።

ቅርንጫፉ ሄደን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ሲስተሙ ነው የሚያሰላው» የሚል ነበር። ስቴትመንቱን አስወጥተን፣ ስትከፍት የፈረመችበትን ቅጽ ጀርባውን አንብበን ራሳችን ደረስንበት። ገንዘቡ የጠፋው በሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው አግባብ ነው። ወለድ የሚታሰበው ብሩ በተቀመጠበት ቀን ልክ ነው፤ 75,000ው ከወሩ ግማሹን ብቻ ነው ባንክ ውስጥ ያደረው። በዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ ሲሰላ 60,000 ለ10 ቀን፣ 15,000 ለ5 ቀን፣ 90,000 ለ15 ቀን ይባዛል። ድምሩ 2,025,000 ነው። ይህን በ9 በመቶ አባዝታችሁ ለ365 ስታካፍሉ 499 ብር ከ32 ሳንቲም ይመጣል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሚቆጠረው የቀኑ መዝጊያ ላይ ያደረው ብር ነው። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት የወጣ ገንዘብ ለዚያ ቀን ወለድ አያመጣም።

ሁለተኛው በማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈው ገደብ ነው። 9 በመቶው የሚከፈለው ቀሪ ሂሳቡ ከ20,000 ብር በታች ካልወረደ ብቻ ነው። ከወረደ፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን፣ የዚያ ወር ወለድ በሙሉ በተራው የ7 በመቶ ምጣኔ ይታሰባል። እሷ ለአምስት ቀን 15,000 ላይ ስለነበረች 90,000 ያደረበት 15 ቀንም ጭምር ወደ 7 ወረደ። 7 በመቶ አዲስ ቁጥር አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 የቁጠባ ወለድ ወለሉን ከ5 ወደ 7 ከፍ ካደረገ ጀምሮ የምናውቀው ነው። ስለዚህ «ልዩ» የተባለው ነገር ለዚያ ወር ጭራሽ አልነበረም። እዚህ ቢቆም ኖሮ እንኳ 388 ብር ከ36 ሳንቲም ታገኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ሦስተኛው ነው። በቅጹ ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ወለድ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ላይ ይታሰባል» ይላል። ይህ ማለት ሲስተሙ የየቀኑን ሂሳብ አይደምርም። በወሩ ውስጥ ከታየው ሁሉ ትንሹን ቁጥር መርጦ፣ ወሩን ሙሉ ያ ብቻ እንደነበራችሁ አድርጎ ያሰላል። ለእህቴ ያ ቁጥር 15,000 ነው። 15,000 በ7 በመቶ ለ30 ቀን 86 ብር ከ30 ሳንቲም ነው። ከዚያ ላይ 5 በመቶ የወለድ ግብር ተቀነሰ። እነሆ 81 ብር ከ98።

እስቲ አስቡት። ያ 75,000 ብር ባንኩ ዘንድ 15 ቀን ተቀምጧል፤ ለኅዳሩ ስሌት ግን አንድ ሳንቲም አላመጣም። ምንም ባታወጣ እንኳ ዝቅተኛው 60,000 ስለሚሆን በወሩ መሃል የገባ ገንዘብ በዚህ ደንብ ለዚያ ወር አይቆጠርም። ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ቆጣቢ የሚባለው ሰው ሲያገኝ የሚያስገባ፣ ሲቸግረው የሚያወጣ ሰው ነው፣ ደንቡ ደግሞ የሚጎዳው እሱኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እህቴ «ጥቅምት ካለቀ በኋላ ነው ያወጣሁት» ብላ ነበር። እውነቷን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት አልቋል። የባንኩ ሲስተም ግን በፈረንጆች ወር ነው የሚሄደው። ኅዳር 2 ለሱ ኖቬምበር 11 ነው፤ ገና የወሩ መሃል። 45,000ውን እስከ ኅዳር 22፣ ማለትም እስከ ዲሴምበር 1 ማቆየት ብትችል ኖሮ፣ በዚያው አስቀያሚ ደንብ እንኳ ዝቅተኛው 60,000 ስለሚሆን፣ 9 በመቶውም ስለማይነሳ ግብር ሳይቀነስ 443 ብር ከ84 ሳንቲም ይመጣ ነበር። እርግጥ ኪራይ ሃያ ቀን አይጠብቅም። ቀኑን መምረጥ ለሚችል ግን ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

የእናንተ ባንክ በየትኛው እንደሚያሰላ ለማወቅ ከባድ አይደለም። ገንዘብ የገባበትና የወጣበትን አንድ ወር ስቴትመንት አስወጡ። ሂሳቡ ያልተንቀሳቀሰበት ወር አይጠቅማችሁም፣ ሁለቱም ስሌት አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ከላይ እንዳደረግነው እያንዳንዱን ቀሪ ሂሳብ ባደረበት ቀን አባዝታችሁ ደምሩ፣ በምጣኔው አባዙ፣ ለ365 አካፍሉ። ውጤቱ ግብር ከመቀነሱ በፊት ካለው ወለድ ጋር ከተቀራረበ በዕለታዊ ነው የሚታሰብላችሁ። በጣም ካነሰ የወሩን ትንሹን ቁጥር ወስዳችሁ ሞክሩት። ግብሩን ሳትመልሱ አታወዳድሩ፤ 5 በመቶው በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ የተጻፈው ነው፣ ከዚያ ወዲህ አዋጁ ስለተሻሻለ ስቴትመንታችሁ ላይ የተቀነሰውን እዩ።

አዲስ ለምትከፍቱ፣ «ወለዱ ስንት ነው?» ብላችሁ አትመለሱ። «በየቀኑ ቀሪ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ? ከገደቡ በታች ብወርድ የሚቀንሰው የዚያ ቀን ብቻ ነው ወይስ የወሩ በሙሉ?» በሉ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ ቅጹ ላይ የተጻፈበትን ቦታ በጣት ያሳዩዋችሁ። ቼክ የምታስገቡ ደግሞ ወለዱ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ቼኩ እስኪጸዳ ያለው ቀን ላይቆጠር ይችላል።

በዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ የሚያሰላ ባንክ ውስጥ ላላችሁ፣ ለወጪ የምትጠቀሙበትን ሂሳብ ከዚህኛው ለዩት። ደሞዝም እቁብም በወጪው ይግባ። የሚተርፈውን በፈረንጆች ወር የመጨረሻ ቀን ወደ ቁጠባው አሻግሩ፤ በማግስቱ ከወሩ አንድ ጀምሮ ይቆጠርላችኋል።

እህቴ የጽሑፍ ቅሬታ ለቅርንጫፉ አስገብታ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትታለች። የጠየቀችውም ወለዱ እንዲጨመርላት ብቻ አይደለም፤ የ20,000ው ገደብና የስሌቱ ደንብ ማስታወቂያው ላይ ለምን እንዳልተጻፈ በጽሑፍ እንዲመልሱላት ነው። መልስ ካልሰጧት ያችኑ ቅጂ ይዛ ወደ ብሔራዊ ባንክ ትሄዳለች። ገንዘቧን ግን መልሱን ሳትጠብቅ በዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ 7 በመቶ ወደሚከፍላት አሮጌ ሂሳቧ መልሳዋለች።