አይሱዙ ወይስ ተሳቢ? ለጅማ ቡና ስንት መኪና ይበቃል?

ከጅማ አዲስ አበባ በቀን 400 ኩንታል ቡና ይላካል እንበል። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ከሆነ በየቀኑ 8 መኪና ይነሳል። ደርሶ መልሱ 3 ቀን ቢፈጅ፣ 8 በ3 ሲባዛ 24 አይሱዙ ያስፈልጋል። 400 ኩንታል የሚይዝ ተሳቢ ግን በቀን አንድ ብቻ ይነሳል። ደርሶ መልሱን 5 ቀን ብንለው 5 ተሳቢ ይበቃል።

ስህተቱ የሚመጣው መንገዱን ብቻ ሲቆጥሩ ነው። መጫኛው፣ የማራገፊያው ወረፋና የሾፌሩ እረፍትም ይቆጠራሉ። ተሳቢው ማራገፊያ ላይ ተጨማሪ 2 ቀን ቢገተር 5ቱ ወደ 7 ያድጋል። ይህን ያልቆጠረ ሰው መኪና ሲጠብቅ ቡናው ጅማ መጋዘን ውስጥ ይከመርበታል።

አንድ አይሱዙ ቢበላሽ የሚቀረው 50 ኩንታል ነው። ተሳቢ ከቆመ ግን የቀኑ ጭነት በሙሉ ቀረ። እኔ ብሆን ተሳቢ መርጬ አንድ መጠባበቂያ እጨምራለሁ። 24 ሾፌር በስልክ ማሳደድ ቀልድ አይደለም።