ወንድሜ የጻፋቸው ሁለት የትውውቅ መግለጫዎች

ወንድሜ የድሬዳዋ ሰው ነው። ዕድሜው 43 ነው፤ ትዳር ፈልጎ ሁለት መግለጫ ጻፈና አሳየኝ።

አንደኛው፦ «ቁም ነገረኛ ነኝ። ተፋትቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ልጆቼ ሕይወቴ ናቸው። ጨዋ ሴት እፈልጋለሁ።»

ሁለተኛው፦ «43 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሳቢያን ነው። ፍቺው በፍርድ ቤት ካለቀ አራት ዓመት ሆነው። የ12 እና የ8 ዓመት ልጆቼ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ እኔ ጋ ናቸው፤ በሌላው ቀን ከእናታቸው ጋር። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲበርድ ከዚራ በዛፎቹ ሥር በእግሬ መሄድ እወዳለሁ። የምፈልገው ትዳር ነው፤ ከልጆቼ ጋር የማስተዋውቅሽ ግን ስንተማመን ነው።»

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። «ጥፋቱ የእኔ አልነበረም» ሲል አንባቢዋን ሳትፈልግ ዳኛ ያደርጋታል፤ ነገ ስለ እኔም እንዲህ ይል ይሆን ብላ መጠርጠሯ አይቀርም። «ልጆቼ ሕይወቴ ናቸው» እውነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ለእሷ ጊዜ እንዳለው ግን አይነግራትም። የዓርብና የእሁዱ ይነግራታል፤ ማክሰኞ ማታ ቡና መጠጣት እንደሚችሉ ከዚያው ትረዳለች።

ከሁለተኛውም ቢሆን የልጆቹን ፎቶና የትምህርት ቤታቸውን ስም አስወጥቼዋለሁ። ድሬ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ዕድሜያቸው ይበቃል።