ተመላሽ ኢሜይል፦ ሁሉንም መሰረዝ ወይስ ኮዱን ማንበብ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ጓደኛዬ ለ600 የቀድሞ እንግዶቹ የበዓል ቅናሽ በኢሜይል ላከ። 48 መልስ መጣበት። «በቃ፣ አድራሻዎቹን ሁሉ ከዝርዝሬ ልሰርዛቸው» አለኝ።

መሰረዙ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሞቱት አድራሻዎች ይወጣሉ፤ ለእነሱ ደጋግሞ መላክ የላኪውን ስም ስለሚያበላሽ ሌላውም መልእክት ስፓም ውስጥ ይገባል። ግን ደህናዎቹም አብረው ይሄዳሉ።

ያልደረሰ ኢሜይል ሲመለስ ምክንያቱን የሚናገር የቁጥር ኮድ ይዞ ይመጣል። ኮዱን ማንበቡ ግማሽ ሰዓት ወሰደብን። 30ዎቹ `550 5.1.1` ይላሉ፤ አድራሻው የለም ማለት ነው። ወዲያው ወጡ። 7ቱ `452 4.2.2` ነበሩ፤ ሳጥናቸው ሞልቷል። በ4 የሚጀምር ጊዜያዊ ስለሆነ አቆየናቸው፤ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዙሮችም ከተመለሱ ይወጣሉ።

9ኙ ራስ ሰር ምላሽ ናቸው። «እረፍት ላይ ነኝ» የሚል ሰው እኮ መልእክቱ ደርሶታል! ለምን ይሰረዛል? አንዷ ብቻ «መሥሪያ ቤቱን ለቅቄያለሁ» ስላለች አወጣናት።

ያስገረሙኝ የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ `550 5.7.1`። በ5 የሚጀምር ቋሚ እምቢታ ቢሆንም አድራሻው ደህና ሊሆን ይችላል። የተቀባዩ ሰርቨር እኛን ነው የከለከለው። እዚህ ላይ የሚስተካከለው የጓደኛዬ ዶሜይን እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። ሁሉንም ቢሰርዝ ኖሮ ይህን አያየውም ነበር።