አዳማ ላይ ላፕቶፔን ያሳየሁባቸው ሁለት ጥገና ቤቶች

ለጥምቀት አዳማ እናቴ ጋ የመጣሁት የአንድ ወር ሥራዬን በላፕቶፕ ተሸክሜ ነው። የምሠራው በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ማስተርጎም ስለሆነ ማሽኑ ከተቋረጠ እኔም ተቋረጥኩ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስተረጉም ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር፣ ድምፄ ይቆራረጥ ጀመር፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ጭጭ አለ። ከሥሩ ስነካው እጅ አያስቀምጥም።

ሮተርዳም እያለሁም ይሞቅ ነበር፣ ግን ጠፍቶብኝ አያውቅም። እዚህ የባሰበት ምክንያት ኋላ ላይ ገብቶኛል። ሮተርዳም ከባሕር ወለል እኩል የሆነ ከተማ ነው፤ አዳማ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ በረንዳችን ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ነው። ክፍሉ በአሥር ዲግሪ ከሞቀ ፕሮሰሰሩም ከሞላ ጎደል በአሥር ዲግሪ ይጨምራል። የጥር ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ አዳማ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ማታ በጣት መጻፍ ይቻላል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈራችን ያለ ጥገና ቤት ነው። ልጁ ችግሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ብሎወሩን አንሥቶ በጎን በኩል ባለው የአየር መውጫ ነፋበት። አቧራው ቡን ብሎ ወጣ፣ ፋኑ ከውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኝ ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ 300 ብር ከፍዬ ወጣሁ። አራት ቀን ደህና ሠራ፤ በአምስተኛው ቀን ያው ጩኸት፣ ያው መጥፋት። ጭራሽ ፋኑ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ተመልሼ ስሄድ “ማዘርቦርዱ አርጅቷል፣ ሌላ ቢገዙ ይሻላል” አለኝ፤ ከፍቶ ሳያይ።

ሁለተኛው ቤት ፖስታ ቤት አካባቢ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ነው ይዞኝ የሄደው። በሩ ጠባብ ነው፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጥሩ መብራት አለው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ቤት ምክንያት ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ካቻቪቴ ከማንሣቱ በፊት ማሽኑን አስነሥቶ አሠራው።

“እህቴ፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉ” አለኝ የአየር መውጫውን እያሳየኝ። ፋኑ እየጮኸ ነው፣ እጄ ላይ የሚደርሰው ግን ትንፋሽ የምታህል ለብ ያለች አየር ናት። ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ፋኑ እየጮኸ አየሩ ደካማ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል፣ አቧራ ነው። አየሩ በደንብ እየወጣ ነገር ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከተቃጠለ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ በላዩ ወደ ተቀመጠው መዳብ እየተሻገረ አይደለም፣ ስለዚህ በመካከላቸው የሚቀባው ሙቀት አሻጋሪ ቅባት፣ ፔስቱ ነው። ፋኑ ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ ፋኑ ራሱ ነው። ሳይከፈት በእጅ መዳፍ ብቻ ይህን ያህል መለየት እንደሚቻል በስንት ዓመት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሙቀቱን የሚያሳየውን `HWiNFO` ከፈተና ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራ ሌላ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ለቀቀበት። ሙቀቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 99 ዲግሪ ደረሰ። የኔ ፕሮሰሰር ጣራው 100 ነው፤ እዚያ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ፍጥነቱ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ የነበረው ወደ 0.8 ወረደ። ስብሰባ ላይ ድምፄ የሚቆራረጠው ለካ በኢንተርኔቱ አልነበረም፤ ስንት ጊዜ ኢትዮ ቴሌኮምን ረገምኩ! ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፋቸው፤ በኋላ ከዚሁ ጋር ነው የምናመሳክረው አለኝ።

ክዳኑን ሲከፍት መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ነቀለ። ባትሪ ሳይነቀል ካቻቪቴ ወይም ብሩሽ ማስገባት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ ሙቀት የሚቀበለውን መዳብ፣ ሂት ሲንኩን፣ የያዙትን ሰባት ብሎኖች በአንዴ ሳይሆን በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያላላ ፈታ። ከጎናቸው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ተጽፏል፤ ሲፈታ ከ7 ወደ 1፣ ሲያጠብቅ ከ1 ወደ 7 ነው። አንዱን ጥግ ብቻ ቀድሞ ማላላት ወይም ማጥበቅ ክዳን የሌለውን ፕሮሰሰር ጠርዙ ላይ ሊሰብረው ይችላል።

የፋኑ ሽፋን ሲነሣ ነው ነገሩ የገባኝ። ፋኑ አየሩን የሚገፋው ወደ ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች ነው፤ በፋኑና በክንፎቹ መካከል፣ ከውስጥ በኩል፣ አቧራ ተጠቅጥቆ የባና ቁራጭ መስሎ ተጋድሟል። በፒንሳ ሲስበው ሳይበጠስ ወጣ፤ ጸጉር፣ የልብስ ብናኝ፣ የሮተርዳም ምንጣፍና ቀይ የአዳማ አፈር ተደርድሮበታል። የመጀመሪያው ቤት ከውጭ ሲነፋበት ባናው ከክንፎቹ ትንሽ ሸሸት ብሎ ለአራት ቀን አየር አሳለፈ፣ ፋኑ መልሶ እየገፋ ለጠፈው። ቡን ያለው አቧራ የላላው ብቻ ነበር። ስለዚህ “አጸዳነው” የሚል ሰው ሽፋኑን ካልፈታ አላጸዳውም።

ይህ ባለሙያም በብሎወር ተጠቅሟል፣ ግን የፋኑን ቅጠል በጣቱ ይዞ ነው። በኃይል የሚነፋ አየር ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፤ ያ ፉጨት እሱ ነው፣ ማሽከርከሪያውንም ይጎዳል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ከዚያ መጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። “ሊሆን ይችላል፣ ግን አላየሁምና መማል አልችልም” አለኝ። ይህን መልሱን ወደድኩለት።

አሮጌው ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጠርዙ ላይ ተከምሯል፣ መሃሉ ሳስቶ ሊጠፋ ደርሷል። ማሽኑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ ጎን እየተገፋ ይወጣል አለኝ። በአልኮል ጠረገው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንት እንደሚሆን ስጠይቀው፣ ውሃ ስላለበት እስኪደርቅ መታገሥን ለሚያውቅ ይሆናል አለኝ፣ እሱ ግን 99 ነው የሚጠቀመው። አዲሱን ፔስት ታሽጎ አሳየኝ፣ ፊቴ ከፈተው። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ ዴስክቶፑ የብረት ክዳን የለውም፤ ሙቀቱ በቀጥታ ከትንሿ መስታወት መሰል ፊት ነው የሚወጣው። ስለዚህ መሃል ላይ ጣል አድርጎ መተው አይበቃም፤ ጥጎቿም እንዲሸፈኑ ስስ አድርጎ በፕላስቲክ ጠፍጣፋ ቀባት። ብዛቱ አንዲት የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው። ፔስት የመዳቡና የፕሮሰሰሩ ፊት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች ለመሙላት እንጂ ለመወፈር አይደለም።

ከግራፊክስ ሜሞሪው ሙቀቱን ወደ ሂት ሲንኩ የሚያሻግሩት ለስላሳ ሰማያዊ ፓዶች ሲነሡ ተቀደዱ። አዲስ ቆርጦ ለጠፈ፣ ዘጋው፣ ሞከርነው። ያልጠበቅነው እዚህ መጣ። ፕሮሰሰሩ አራት ኮር ነው፣ ውስጡ ለየብቻ የሚሠሩ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ 78 እና 80 ላይ ሲቆሙ ሌሎቹ ሁለቱ 91 እና 93 ሆኑ። ከ99 ወርዷልና እኔ ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን ማንሣት ጀምሬ ነበር። እሱ ግን “አይ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ትክክል አይደለም” ብሎ አጠፋው። ኮሮቹ ሁሉ አንድ ፊት ላይ ተቀራርበው ስለሚቀመጡ ሁሉም እኩል ሲሠሩ በአሥራ ምናምን ዲግሪ አይራራቁም። ከተራራቁ መዳቡ በአንድ በኩል አልተጫነም ማለት ነው።

መልሶ ሲያነሣው ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ፔስቱ በአንደኛው በኩል ተጨፍልቆ ስስ ሆኗል፣ በሌላኛው በኩል የፕላስቲኩ መስመር እንኳ ሳይጠፋ እንደተቀባ ቁጭ ብሏል፤ መዳቡ ጨርሶ አልደረሰበትም። ጥፋቱ ፓዱ ላይ ነበር። የድሮው ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው፣ እሱ የለጠፈው ግን አንድ ሚሊሜትር ሆኖ ሂት ሲንኩን ከፍ አድርጎ አዘመመው። በፓዱ ፋንታ ፔስት ቢቀባስ ብዬ ነበር፤ ፔስት ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ሞልቶ አይቆምም፣ ሜሞሪው ሳይቀዘቅዝ ይቀራል አለኝ። ከአሮጌ ሂት ሲንክ ላይ ተነሥተው የተቀመጡ ባለ ግማሽ ሚሊሜትር ፓዶች ፈልጎ አገኘ፣ ፔስቱን ጠርጎ እንደገና ቀባ፣ ብሎኖቹን በቁጥራቸው አጠበቀ።

በመጨረሻው ሙከራ አራቱም ኮር ከ74 እስከ 78 ባለው ውስጥ ለ15 ደቂቃ ቆሙ። ፍጥነቱ 2.4 ላይ ሳይወርድ ቆየ። የአየር መውጫው ላይ እጄን ሳስቀምጥ አሁን ደህና አድርጎ የሚሞቅ አየር ይገፋኛል፤ ሙቀቱ ከውስጥ እየወጣ መሆኑ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል፣ 1,200 ብር ከፍያለሁ። ለሁለተኛው መክፈት ልጨምርለት ስል “ጥፋቱ የኔ ነው” ብሎ አልተቀበለኝም። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር የፓዱን ውፍረት ከመለጠፉ በፊት አለመለካቱ ነው፤ አንድ ሰዓት እዚያ ላይ ሄዷል። እዚህ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ፓድ ሲቀየር “የድሮው ስንት ሚሊሜትር ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ሙቀቱን ከሥራው በፊትና በኋላ አስለኩ፤ የኮሮቹንም ልዩነት እዩ፣ ትልቁን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ።

የፋኑ ጠቅ ጠቅ አልጠፋም። ለዚህ ሞዴል የሚሆን ፋን እሱ ጋ አልነበረም፤ የማይገጥም ነገር ከማስገባት ሮተርዳም ሲመለሱ ይቀየር ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ እናቴ በረንዳ ላይ ቡና እያፈላች ሦስት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ ተርጉሜያለሁ። ዕጣኑን ብቻ ከላፕቶፑ ራቅ አድርጊልኝ ብያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ከመዝጋቴ በፊት አንዴ ለካሁት፣ 77 ነው።