ዛሬ 40,000 ወይስ ከዓመት በኋላ 44,000? የስፌት መኪና ለሚገዙ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡ። ሻጩ የስፌት መኪናውን ዛሬ በጥሬ ገንዘብ 40,000 ብር፣ ያለ ቅድመ ክፍያ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሆነ ደግሞ 44,000 ብር ይላቸዋል። ሦስቱም ዛሬ ከፍለው 4,000 ብር ለማትረፍ ቸኩለዋል። እኔ ግን ገንዘቡ በእጁ ላለ ሰው የዱቤውን እመርጣለሁ።

40,000 ብሩን ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ ባንክ አስቀመጣችሁ እንበል፤ ወለዱም 14 በመቶ ይሁን። በዓመቱ 45,600 ብር ይሆናል። ለሻጩ 44,000 ከፍላችሁ 1,600 ብር ይተርፋችኋል። የዛሬ ብር ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ይቆያል፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ብር ግን ያን ዕድል አላገኘም። ስለዚህ የዛሬ ዋጋው ያነሰ ነው። በምን ያህል? 44,000 ለ1.14 ሲካፈል 38,596 ብር ይሆናል። ዛሬ ይህን ያህል ብታስቀምጡ በዓመቱ ዕዳውን ይዘጋል፤ ከ40,000 በ1,404 ብር ይረክሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከ44,000 14 በመቶ ቀንሶ 37,840 ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ወለዱ የሚታሰበው ዛሬ በተቀመጠው ገንዘብ ላይ ስለሆነ 37,840 በዓመቱ 43,138 ብቻ ይሆናል፤ ዕዳውን አይሞላም።

ገንዘቡ 7 በመቶ በሚከፍል ተራ የቁጠባ ሂሳብ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ። 40,000 ብር 42,800 ብቻ ስለሚሆን ከኪሳችሁ 1,200 ትጨምራላችሁ። መለያው 10 በመቶ ነው፤ 4,000 የ40,000 አንድ አሥረኛ ነውና። በወለዱ ላይ የሚቆረጠውን ግብር ቀንሳችሁ የሚቀረው ከዚያ ካነሰ ዛሬ ክፈሉ።

ስለ ዱቤው ይህን ያህል የምከራከረው ተቃጥዬ ስለተማርኩ ነው። የመጀመሪያ የስፌት መኪናዬን ሙሉ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ ገዛሁ። በአራተኛው ወር ሞተሩ ተቃጠለ። ሊጠቀልለው የከፈተው ባለሙያ በመዳብ ሽቦ ፋንታ አሉሚኒየም አሳየኝ፤ በላዩ የተለጠፈው ስም ብቻ ነበር የኦሪጅናሉ። ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷልና ስልኬን አላነሳም። ያልተከፈለ 44,000 ብር ቢኖረው ኖሮ ራሱ ይደውል ነበር።

ሦስተኛው ጓደኛዬ ተመልሶ መጣ፤ ሻጩ ከ44,000ው ላይ 10,000 አስቀድመህ ክፈል ብሎታል። ያኔ የሚካፈለው ቀሪው 34,000 ብቻ ነው፤ የዛሬ ዋጋው 29,825። ከ10,000 ጋር ሲደመር 39,825 ይሆናልና ትርፉ ከ1,404 ወደ 175 ብር ወረደ። በዋጋው ሁለቱ ከሞላ ጎደል እኩል ሆነዋልና ቀሪው ጥያቄ ሞተሩ ነው፤ ከመፈረሙ በፊት አስከፍቶ ሽቦውን እንዲያይ ነገርኩት።