ኒኮን ዲ750 ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ያው ነጠላ በሮው እና በጄፔግ

ይህችን ካሜራ መስከረም ላይ ያገለገለች ገዛኋት። ኒኮን ዲ750 በአውሮፓውያኑ 2014 የወጣች፣ 24 ሜጋፒክስል ያላት፣ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ናት። ስለ አያያዟ፣ ስለ ፎከሷ፣ ስለ ስክሪኗ ብዙ ተብሏል። እኔ የምጽፈው በእነዚህ ወራት አሠራሬን ስለለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሮው ስለማንሳት። ሮው ማለት ሴንሰሩ የያዘው ብርሃን ካሜራው ሳያበስለው እንዳለ የሚቀመጥበት ፋይል ነው።

ከዚያ በፊት ለዓመታት የማነሳው በጄፔግ ነበር። ፎቶው እዚያው ካሜራው ውስጥ ያልቃል፤ ከካርድ ይገለበጣል፣ ይላካል። ያነቃኝ አንድ ህትመት ነው። ነጭ የለበሱ እናት ፎቶ በትልቁ ላሳትም ወሰድኩ። አታሚው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ነጭ ቀለም አይደለም፤ ባዶ ወረቀት ነው። ማሽኑ ምንም አላሳረፈበትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የእናትየዋ ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ ፋይሉ ውስጥ ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም 255፣ 255፣ 255 ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ድሩም ማጉም አንድ ላይ ጠፍቷል።

ስለዚህ ዲ750ን እንደገዛሁ የምስል ጥራቱን `NEF (RAW) + JPEG fine` ላይ አደረግኩት። ሮውዋን ደግሞ `Lossless compressed` እና `14-bit` አልኳት። ሹተሩ አንዴ ሲጫን ሁለት ፋይል ይወጣል። ብርሃኑ ያው፣ ሌንሱ ያው፣ ቅጽበቱ ያው ነው። ሁለቱን ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ትልቁ ፈተና ጥር 11 ጃን ሜዳ ላይ መጣ። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። አንድ ወጣት ዲያቆን ድባብ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ከጎኑ ያሉት ሴቶች ግን ነጠላቸው ፀሐይ ላይ ነው። 1/400 ሰከንድ፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 100 ላይ አነሳሁት። ለፀሐዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በአንድ ስቶፕ ማጨለም ነበረብኝ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። እኔ የልጁ ፊት እንዳይጠቁርብኝ ብዬ አበራሁት።

ማታ ቤት ገብቼ ሁለቱንም ፋይሎች በዳርክቴብል ከፈትኩ። ዳርክቴብል ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የሚከፈልበት ነገር የለውም። ጄፔጉን በ`exposure` አንድ ስቶፕ ዝቅ አደረግኩት። ነጠላው ጨለመ እንጂ ምንም አልወጣበትም። ነጭ የነበረው ግራጫ ሆነ፤ እንደ ካርቶን ድርቅ ያለ ግራጫ። ሮውዋንም በተመሳሳይ አንድ ስቶፕ ዝቅ አደረግኳት። እጥፋቱ ወጣ። ከዚያ ሽመናው ወጣ። የጥለቱ ጫፍ ላይ ያለው ቢጫ ክር፣ ጄፔጉ ላይ ነጭ ሆኖ የነበረው፣ ቢጫነቱን ይዞ ተመለሰ። ያን ማታ ያንን አንድ ፎቶ ስንት ጊዜ አጉልቼ እንዳየሁት አላስታውስም።

ይህ ለምን ይሆናል? ሴንሰሩ ቀለምን የሚያየው በሦስት ዓይነት ማጣሪያ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሦስቱ እኩል አይሞሉም። በቀን ብርሃን ነጭ ጨርቅ ሲነሳ ቀድሞ የሚሞላው አረንጓዴው ነው። ቀዩ ከእሱ አንድ ስቶፕ ገደማ ይቀራል፤ ሰማያዊውም እንደዚሁ ወደኋላ ይላል። ካሜራዋ ጄፔግ ስትሠራ ጨርቁ ነጭ እንዲመስል ቀዩንና ሰማያዊውን አባዝታ ከአረንጓዴው ጋር ታስተካክላቸዋለች። ኋይት ባላንስ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ፎቶው እንዲደምቅ ብርሃኑን ታነሳዋለች፤ ከ255 ያለፈውን ሁሉ ትቆርጠዋለች። የተቆረጠው ተጥሏል። ሮውዋ ላይ ግን ይህ ሁሉ ገና አልተደረገም። አረንጓዴው ቢሞላም ቀዩና ሰማያዊው ገና የሚናገሩት አላቸው። ሶፍትዌሩ ከሁለቱ ተነስቶ ሦስተኛውን ይገምታል። ዳርክቴብል ውስጥ ይህን የሚሠራው `highlight reconstruction` ነው፤ ሮው ሲከፈት ራሱ ይበራል። ነጭ ጨርቅ ላይ ግምቱ ብዙ አይስትም፤ ነጭ ማለት ሦስቱ እኩል የሆኑበት ስለሆነ።

ሌላው ነገር የደረጃዎቹ ብዛት ነው። ጄፔግ በየቀለሙ 256 ደረጃ አለው። የ14 ቢት ሮው 16,384 አለው። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹ፣ 8,192ቱ፣ የሚውሉት ለላይኛው አንድ ስቶፕ ብቻ ነው። ነጭ ነጠላ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። በክርና በክር መካከል ያለችው ትንሽ የብርሃን ልዩነት ሮው ውስጥ ሰፊ ቦታ አላት። ጄፔግ ውስጥ ያቺው ልዩነት ጥቂት ደረጃዎች ላይ ተጨናንቃ ትቀመጣለች። ስንጎትታት የምትሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ግን ሮው ሁሉን አይመልስም። ከዚያው ፎቶ ላይ አንድ ካህን የያዙት መስቀል ፀሐይን አንጸባርቆ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሦስቱም ቀለሞች ሞልተዋል። ምንም ያህል ባወርደው የሚወጣው ልሙጥ ግራጫ ነው። ዳርክቴብል ሮው ላይ የተቃጠለውን ቦታ ነጥሎ የሚያሳይ ምልክት አለው። እሱን ሳበራ ነጠላው ላይ የታየው አረንጓዴ ብቻ ነበር፤ መስቀሉ ላይ ሁሉም። አሁን ገና ኤዲት ሳልጀምር መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። የተቃጠለው አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለ። የፊት ቆዳ ላይ ግን ይህም አያስተማምንም። ቆዳ ነጭ ስላልሆነ ግምቱ ይስታል፤ ግንባሩ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥፍጥፍ ይወጣል። ስለዚህ ፊት ሲሆን አላቃጥልም፣ በቃ።

የዲያቆኑን ፊት ለብቻው መርጬ በሁለት ስቶፕ አበራሁት። ሮውዋ ላይ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ወጣ፤ ትንሽ ኖይዝ፣ ማለትም ፍርፍር ያለ ነጠብጣብ፣ ጨመረ፤ ያም ለዓይን አይከብድም። ጄፔጉ ላይ ያንኑ ሳደርግ ጉንጩ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ታዩ። ጄፔግ ፋይሉን የሚያሳንሰው ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል እየከፋፈለ፣ ዓይን አያየውም ያለውን እየጣለ ነው። ጥላ ውስጥ ብዙ ይጥላል። ጥላውን ስናበራው የተጣለበት ቦታ ይገለጣል።

ስለ ኖይዝ አንድ የተሳሳተ ነገር ይወራል። ሮው ኖይዝ የለውም ይባላል። ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ሲከፈት ከጄፔጉ የባሰ ፍርፍር ያለ ነው። በከተራ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ያነሳሁትን አይቼ ደንግጬ ነበር። 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ 1/125፣ ኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ 6400። ጄፔጉ ንጹሕ ይመስላል። ቀረብ ሲባል ግን ካሜራዋ ኖይዙን ስታጠፋ የሴትየዋን ሹሩባም አብራ አሽታዋለች። እንደገና ማግኘት አይቻልም።

ሮውዋ ላይ ውሳኔው የእኔ ነው። `denoise (profiled)` የሚባለው ሞጁል የዚህችን ካሜራ ኖይዝ በየአይኤስኦው ያውቀዋል። እኔ የቀለሙን ኖይዝ፣ ማለትም ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቡን፣ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። የብርሃኑን ኖይዝ ግን ግማሹን እተወዋለሁ። ሹሩባውን የያዘልኝ እሱ ነው። ሲታተም ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

የጧፍ ብርሃን ግን ሌላ ችግር አለው። ሰማያዊ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። ቢጫውን ሙሉ በሙሉ ላጥፋ ካልኩ ሶፍትዌሩ ባዶ ሊሆን የተቃረበውን ሰማያዊ ብዙ እጥፍ ያባዛዋል፤ ኖይዙም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ኋይት ባላንሱን ግማሽ መንገድ ብቻ እወስደዋለሁ። የጧፍ ሙቀት ፊታቸው ላይ ይቆይ። እንደዚያም ነበር።

እዚሁ ላይ ስለ ካሜራዋ አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። አይኤስኦ 800 ላይ አጨልሜ አነሳሁና ቤት ሦስት ስቶፕ አበራሁት። ከ6400ው ጋር ሳስተያየው የኖይዙ ልዩነት ጥቂት ነው። የጧፉ ነበልባል ግን አልተቃጠለም፤ ቅርጹ አለ። ሁሉም ካሜራ እንዲህ አይደለም፤ በራሳችሁ ካሜራ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

ዋጋው ምንድን ነው? ቦታ። አንዷ ሮው 30 ሜጋባይት አካባቢ ናት፤ ጄፔጉ ከዚያ ግማሽ እንኳን አይደርስም። አንድ ሠርግ ሃርድ ዲስክ ይበላል። ተከታታይ ስተኩስም በ14 ቢት ከ15 ፎቶ በኋላ ትዘገያለች። ሰዓትም አለ፤ ደንበኛው ዛሬውኑ የሚፈልገውን ከሮው ማድረስ አይቻልም። ካሜራዋ ሁለት ካርድ ስለምትይዝ አንዱ ላይ ሮው፣ አንዱ ላይ ጄፔግ አስቀምጣለሁ። ጄፔጉ ያኑ ማታ በስልክ ይሄዳል።

ሁለት ማስተካከያ ደግሞ ሳላውቅ ብዙ ወር አሳስተውኛል። ከኋላ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሂስቶግራም፣ ማለትም የጨለማና የብርሃኑን ብዛት የሚያሳየው ግራፍ፣ የሮውዋ አይደለም፤ ከጄፔጉ የተወሰደ ነው። ተቃጠለ ብሎ ሲያብለጨልጭ ሮውዋ ገና ደህና ልትሆን ትችላለች። `Picture Control`ን `Flat` ላይ ሳደርገው ወደ እውነቱ ቀረበ። ሁለተኛው `Active D-Lighting` ነው። እሱ ሲበራ ካሜራዋ ደማቁን ለማዳን ኤክስፖዠሩን ራሷ ዝቅ ታደርጋለች። ጥላውን መልሳ የምታበራው ግን በጄፔጉ ላይ ነው። ሮውዋን በዳርክቴብል ስከፍታት ጨልማ የምትመጣው ለዚህ ነበር። አጠፋሁት። ነጭ የለበሰ ሰው በበዛበት ቦታ አሁን የምጠቀመው ለደማቁ የሚያደላውን የብርሃን መለኪያ ነው፤ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ አበራለሁ። ፀሐይ ላይ ያለ ነጠላ ይህን ይችላል።