14 ወር ከኦሌድ ቲቪ ጋር፦ ሶኬት የመንቀል ልማዳችን ስክሪኑ ላይ ያመጣው ጥላ

ባለ 55 ኢንች ኦሌድ ቲቪ ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ስለ ምስሉ ጥራት ብዙ አልልም፤ ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ ፊልም ላየበት ሰው ከዚህ በኋላ ሌላ ቲቪ አይጥመውም። ልጽፍ የፈለግኩት ስለ በርን-ኢን ነው፣ ማለትም አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ ታትሞ ስለመቅረቱ። እኔ ላይ ደርሷል። ምክንያቱን ሳገኘው ደግሞ ሁላችንም ቤት ያለ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ስምንተኛው ወር ላይ ነው። ልጄ የካርቱን ፊልም እያየች ስክሪኑ በሙሉ ብርቱካናማ ሆነ፣ እኔም ከላይ በቀኝ በኩል ደብዘዝ ያለ ነገር አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው እናቴ ቀኑን ሙሉ የምታየው ቻናል ሎጎ ነው። ከታች ደግሞ ዜና የሚሮጥበት መስመር እንደ ቀጭን ጥላ ተዘርግቷል። ደነገጥኩ። አንድ ጠጋኝ ጠርቼ ባሳየው «ፓነሉ ይቀየር» አለኝ፤ የፓነሉ ዋጋ ደግሞ አዲስ ቲቪ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን። ኦሌድ ከኋላው የሚያበራለት መብራት የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፣ ባበራች ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ታረጃለች። ሁሉም እኩል ቢያረጅ ዓይን አያስተውለውም። ሎጎው ያለበት ቦታ ግን በየቀኑ ለሰዓታት ያለ እረፍት በደማቁ ያበራል፣ ስለዚህ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ይደክማል። እኛ የምናየው ጥላ ያ የደከመው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ቲቪዎች ይህን የሚያስተካክሉበት መንገድ በውስጣቸው አላቸው። በጠቅላላው 4 ሰዓት ያህል ከታየ በኋላ በሪሞት ስታጠፋው ቲቪው ዝም ብሎ አይተኛም። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ የነጥቦቹን የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለካና ልዩነቱን ያካክሳል። 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በየ2000 ሰዓቱ ደግሞ አንድ ሰዓት የሚወስድ ረጅም ማስተካከያ አለው። ሁለቱም የሚሠሩት ሶኬቱ ላይ መብራት ካለ ብቻ ነው።

እኛ ቤት ማታ ማታ ምን ይደረጋል? እናቴ ቲቪውን በሪሞት አጥፍታ ወዲያው ዲቫይደሩን ትዘጋለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል ብላ ነው፣ አልተሳሳተችም፤ እኛ ሰፈር በዚህ ፍሪጅ የተቃጠለበት ሰው አለ። ሂሳቡን ግን ተመልከቱት። ቲቪው በቀን 9 ሰዓት ያህል ይሠራል። በ8 ወር፣ 240 ቀን ብንለው፣ ከ2100 ሰዓት በላይ ነው። አጭሩ ማስተካከያ በየማታው መሥራት ነበረበት፣ ግን እየጀመረ ተቋርጧል ወይም ጭራሽ አልጀመረም። ረጅሙም ጊዜው ሲደርስ መብራት አላገኘም። በዚያ ላይ የምስሉ ሞድ ከሱቅ እንደወጣ Vivid ላይ ነበር፣ ማለትም ከሁሉም ደማቁ።

ያደረግኩት ይህ ነው። ቲቪውን ሶኬት ላይ ትቼ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ በሪሞት ብቻ አጠፋሁ። መሥራቱን የማውቀው በድምፅ ነው፦ ከጠፋ ከደቂቃዎች በኋላ ከጀርባው ቀጭን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የታችኛው መስመር በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ። ያ እንግዲህ እውነተኛ መቃጠል አልነበረም፣ ያልተስተካከለ ቅሪት ነው። ሎጎው ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ሜኑው ውስጥ OLED Care ገብቼ Pixel Cleaning የሚለውን አንድ ጊዜ አስነሳሁት። ረጅሙ ማስተካከያ እሱ ነው። መብራት የማይሄድበትን ሰዓት መርጬ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ። ሲጨርስ ሎጎው በተለመደ ፊልም ላይ አይታይም። ሙሉ ቀይ ምስል ከፍቼ ስፈልገው ግን አለ። ያ የነጥቦቹ እርጅና ነው፣ ማስተካከያ አይመልሰውም። ይሄን ረጅሙን ማስተካከያ በየሳምንቱ የሚያስነሱ ሰዎች አሉ፤ አታድርጉት፣ ጥላ ካላያችሁ አያስፈልግም።

ከእናቴ ጋር የተስማማነው ቀላል ነው። በሪሞት አጥፍታ፣ ጥርሷን ፍቃ፣ በሩን ዘግታ፣ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዲቫይደሩን ታጥፋ። መጀመሪያ «ልጄ፣ ለቲቪ ብዬ ነው የማመሸው?» ብላኝ ነበር። ጥላውን ካሳየኋት በኋላ ግን እሷው ናት እኔን የምታስታውሰኝ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ወዲያው እንነቅላለን፣ በማግስቱ ማታ ይሠራል።

ቅንብሩን በተመለከተ ከሁሉም የጠቀመኝ ብርሃኑን መቀነስ ነው። ከVivid ወደ ሲኒማ ሞድ ቀየርኩና የፓነሉን ብርሃን ቀን ቀን 50 ላይ አደረግኩት። አርቲንግስ የሚባለው የዕቃ መፈተሻ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ሙከራ አንድ ዓይነት የዜና ቻናል በሁለት ተመሳሳይ ኦሌዶች ላይ ለወራት ከፍቶ ነበር፣ የአንዱን ብርሃን በ200 ኒት፣ የሌላውን በ380 ኒት ገደማ አድርጎ። በደማቁ ላይ ጥላው የባሰ ሆነ። የእኛ ሳሎን መስኮት ከቲቪው ፊት ለፊት ስለሆነ ብርሃን ከመጨመር ይልቅ መጋረጃ ሰቀልኩ። Screen Move እና የሎጎ ብርሃን መቀነሻው ሁልጊዜ እንደበሩ ናቸው። በScreen Move ምስሉ በጥቂት ነጥቦች ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ዓይን አያየውም። ግን ትልቅ ሎጎን አያድንም፣ የጠርዙን መስመር ነው የሚያለዝበው።

አንድ ያላሰብኩት ነገር መዝሙር ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ትከፍታለች፣ ብዙዎቹ ደግሞ አንድ ሥዕል ብቻ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት የሚያሳዩ ናቸው። በጾም ወቅት ይህ በየቀኑ ነው። አሁን መዝሙር ስትከፍት ኃይል ቆጣቢው ሜኑ ውስጥ ያለውን Screen Off ትጫናለች። ድምፁ ይቀጥላል፣ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ከሪሞቱ ቁልፍ ስትነካ ይመለሳል። የቅዳሜ ኳስ ግን አያሳስበኝም፤ የውጤት ሰሌዳው ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ አይደለም።

እናንተም መፈተሽ ከፈለጋችሁ ሙሉ ግራጫ፣ ከዚያ ሙሉ ቀይ ምስል ከፍታችሁ ክፍሉን አጨልማችሁ የምታዘወትሩትን ቻናል ሎጎ ቦታ ተመልከቱ። ጥላ ካያችሁ ፓነል ይቀየር ለሚል ሰው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ሶኬቱን አትንቀሉት። እኔ በየወሩ ቀዩን ምስል በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ያለፈውን ቅዳሜ ከስድስት ወር በፊቱ ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት፤ የሎጎው ጥላ እዚያው ነው፣ አልጎላም፣ አዲስ ጥላም የለም።